አረንጓዴው ጨርቅ ከወጣ በኋላ የሚቀረው አረንጓዴ

ክሊፕ አንዴ ከተቀረጸ በኋላ መብራት መጨመር፣ የተጨማደደውን ጨርቅ መወጠር ወይም ተናጋሪዋን ከጨርቁ ሁለት እርምጃ ማራቅ አይቻልም። ስለ ግሪን ስክሪን የሚሰጠው ምክር አብዛኛው ግን ስለ ቀረጻው ነው። ኤዲተሩ እጅ የሚገባው ያለቀለት ክሊፕ ነው። ጨርቁ እንደ ነገሩ ተሰቅሏል፣ መብራቱ የመጣው ከአንድ ወገን ብቻ ነው፣ ሴትየዋ ደግሞ ነጭ ነጠላዋን ደርባ ጨርቁን ተጠግታ ቆማለች። ከኤዲተሩ የሚጠበቀው አረንጓዴውን አውጥቶ በምትኩ ሌላ ቦታ ማስገባት ነው።

ማውጣቱ ብቻውን ብዙ አያስቸግርም። ዛሬ ስልክ ላይ ያለ አፕ እንኳ አረንጓዴውን በአንድ ንክኪ ያጠፋል። ችግሩ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። ፀጉሯ ዙሪያ ቀጭን አረንጓዴ መስመር ይቀራል። አገጯ ሥር፣ አንገቷ ላይና ነጠላዋ ላይም ወደ አረንጓዴ ያደላ ቀለም ያርፋል። አብዛኛው ሰው ይህን ሲያይ ያንኑ ስላይደር ይበልጥ ይገፋዋል። አረንጓዴው በእርግጥ ይቀንሳል፤ ግን ፀጉሩም አብሮ ይሄዳል፣ ነጠላው ይበሳል፣ ሴትየዋም በመቀስ ተቆርጣ የተለጠፈች ትመስላለች።

ይህ የሚሆነው በክሊፑ ውስጥ ያለው አረንጓዴ ሁለት ዓይነት ስለሆነ ነው። አንዱ ከሰው ጀርባ ያለው ጨርቅ ነው፤ እሱ መውጣት አለበት። ሌላው ከጨርቁ ተነስቶ ሰው ላይ ያረፈ አረንጓዴ ብርሃን ነው፤ ኤዲተሮች ስፒል ይሉታል። እሱ ያረፈበት ቆዳና ልብስ መቅረት ስላለበት፣ የሚስተካከለው ቀለሙ ብቻ ነው። ሁለቱን በአንድ ስላይደር ለማከም መሞከር ሥራውን የሚያበላሸው ትልቁ ስህተት ነው። መጀመሪያ ጨርቁን ማውጣት፣ ቀጥሎ ቀለሙን ማጽዳት፣ ጠርዙን ደግሞ በመጨረሻ መንካት ያስፈልጋል።

ኮምፒውተሩ አረንጓዴን የሚለየው እንዴት ነው?

እያንዳንዱ የምስሉ ነጥብ ወይም ፒክስል የሦስት ቁጥሮች ድምር ነው፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ። በተለመደው አሠራር እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 255 ይደርሳሉ። አንድን ፒክስል አረንጓዴ የሚያሰኘው የአረንጓዴው ቁጥር ትልቅ መሆኑ ብቻ አይደለም፤ ነጭ ሸሚዝም ትልቅ የአረንጓዴ ቁጥር አለው። ዋናው ነገር አረንጓዴው ከሌሎቹ ሁለቱ በምን ያህል እንደሚበልጥ ነው።

በዚህ ልዩነት ላይ የተመሠረተውን ዘዴ ለፊልም ያበቃው ፔትሮ ቭላሆስ ነው። ዘዴውን ያዳበረው በ1959 ለታየው ቤን-ኸር ፊልም ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው ከአረንጓዴ ይልቅ ሰማያዊ ስክሪን ነበር። ከእሱ በፊት የነበሩትን አሠራሮች ይፈታተኗቸው የነበሩት ፀጉር፣ ጭስና እንቅስቃሴ ያደበዘዘው ጠርዝ ነበሩ፤ ሁሉም ግማሽ በግማሽ የሚያሳልፉ ነገሮች ናቸው። ዛሬም ክሊፕ ይዞ የሚቀመጥ ኤዲተር የሚታገለው ከእነዚሁ ጋር ነው።

በቁጥር እንየው። ጨርቁ ቀይ 60፣ አረንጓዴ 170፣ ሰማያዊ 70 ነው እንበል። አረንጓዴው ከሁለቱ ትልቁን፣ ማለትም 70ን፣ በ100 ይበልጠዋል። ስለዚህ በዚህ ክሊፕ ውስጥ የ100 ልዩነት ማለት ሙሉ በሙሉ ጨርቅ ማለት ነው። አሁን የፀጉሩ ጫፍ ላይ ያለ አንድ ፒክስል እንውሰድ፦ ቀይ 44፣ አረንጓዴ 90፣ ሰማያዊ 44። ልዩነቱ 46 ነው። ይህ ማለት ፒክስሉ 46 በመቶ ጨርቅ፣ 54 በመቶ ፀጉር ነው። ፀጉሩ ከአንድ ፒክስል ስለሚቀጥን ካሜራው ሁለቱን ቀላቅሎ ይዞታል።

ይህን ፒክስል ሙሉ በሙሉ ብናጠፋው ፀጉሩ ይቆረጣል። ሙሉ በሙሉ ብናስቀረው አረንጓዴ መስመር ይሆናል። ትክክለኛው መንገድ ከፒክስሉ ላይ የጨርቁን 46 በመቶ ድርሻ መቀነስ ነው። ከቀዩ 28፣ ከአረንጓዴው 78፣ ከሰማያዊው 32 ሲቀነስ የሚቀረው 16፣ 12 እና 12 ነው፤ ይህ ጠቆር ያለ ቡናማ የፀጉር ቀለም ነው። በተነሳው ጨርቅ ቦታ የአዲሱ ዳራ 46 በመቶ ይገባል። ጥሩ የሚባል ኪየር ውስጥ የሚካሄደው ሥራ በመሠረቱ ይኸው ነው። ኤዲተሩም ስላይደር ሲነካ ይህን ስሌት እየረዳው ነው ወይስ እያበላሸበት እንደሆነ ማወቅ አለበት።

አንድ ክሊፕ ይዘን እንሂድ

የመጀመሪያው ጥያቄ ፋይሉ ራሱ ምን ዓይነት ነው የሚለው ነው። ከስልክና ከብዙ ካሜራዎች የሚወጣ ቪዲዮ ብርሃንን ለእያንዳንዱ ፒክስል ሲመዘግብ፣ ቀለምን ግን ለአራት ፒክስል አንድ ጊዜ ብቻ ይመዘግባል። 1920 በ1080 የሆነ ክሊፕ የቀለም መረጃው 960 በ540 ብቻ ነው ማለት ነው። ዓይናችን ይህን አይለይም። ኪየሩ ግን የሚሠራው በቀለም ስለሆነ ጠርዙን ደረጃ ደረጃ አድርጎ ያየዋል። ክሊፑ በቴሌግራም እንደ ተራ ቪዲዮ ተልኮ ከሆነ ደግሞ በላዩ ሌላ ጭመቃ ተጨምሮበታል፤ የጨርቁና የፀጉሩ ቀለም በትንንሽ ካሬዎች ውስጥ ተደባልቋል። ይህን የሚመልስ ስላይደር የለም። ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ከመንካት በፊት ከካሜራው የወጣው ኦሪጂናል እንደ ፋይል ተያይዞ እንዲላክ መጠየቅ ይገባል። ከኦሪጂናሉ የሚገኘው ለውጥ ብዙውን ጊዜ የሰዓታት ሥራ ያስቀራል።

ፋይሉ ተገኘ እንበል። አንዲት እናት የአዲስ ዓመት መልካም ምኞቷን በቤቷ ሳሎን ቀርጻለች። ጥበቡ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የሆነ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ ነጠላ ደርባለች፤ አንገቷ ላይ የወርቅ መስቀል አለ። ጨርቁ በግራ በኩል ብሩህ፣ በቀኝ በኩል ጥላ ያለበት ነው፤ እጥፋትም ይታይበታል። አዲሱ ዳራ የአደይ አበባ ሜዳ እንዲሆን ተፈልጓል። ሥራውን የምንከተለው በዳቪንቺ ሪዞልቭ ነፃው ስሪት ውስጥ ባለው `Delta Keyer` ነው። ሌላ ፕሮግራም የሚጠቀም ሰውም የቁልፎቹ ስም ይለያይበታል እንጂ ቅደም ተከተሉ ያው ነው።

በመጀመሪያ በሴትየዋ ዙሪያ ሰፋ ያለ ማስክ ይሠራል። እጇ እስከሚደርስበት ድረስ ቦታ ትቶ፣ ከዚያ ውጭ ያለውን የጨርቁን ጥግ፣ የመብራቱን እግርና ግድግዳውን በሙሉ ይቆርጣል። ይህ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው፤ ኪየሩ እሷ ዘንድ የማይደርሰውን ጥላማ ጥግ ለማጥፋት ሲባል በኃይል እንዲሠራ አይገደድም።

ቀጥሎ የሚወጣው አረንጓዴ ይመረጣል። ብዙ ሰው የቀለም መምረጫውን ጨርቁ በደንብ ብሩህ የሆነበት ቦታ ላይ ያሳርፋል። መመረጥ ያለበት ግን ለፀጉሯና ለትከሻዋ የቀረበው አረንጓዴ ነው፤ ትክክለኛ ስሌት የሚያስፈልገው እዚያ ነውና። ሩቁን ጥግ ማስኩ ቆርጦታል።

ጨርቁ ግን በግራና በቀኝ የተለያየ አረንጓዴ አለው። አንድ ቀለም ተመርጦ ለሁሉም ቦታ ሲሠራ በአንደኛው ወገን ፀጉር ይበላል፣ በሌላኛው ጨርቅ ይቀራል። መፍትሔው ክሊን ፕሌት የሚባለው ነው። ይህ ሰውየዋ የሌለችበት የጨርቁ ሥዕል ነው፤ በፊውዥን ውስጥ `Clean Plate` የሚባለው ኖድ ከሚታየው ጨርቅ ተነስቶ የተሸፈነውን በግምት ይሞላዋል። ከዚያ በኋላ ኪየሩ እያንዳንዱን ፒክስል የሚያነጻጽረው በዚያው ቦታ ሊኖር ከሚገባው አረንጓዴ ጋር ነው። እጥፋትና ጥላ ላለበት ጨርቅ ከዚህ የተሻለ መድኃኒት የለም።

ጥቁርና ነጩን ማንበብ

አሁን ባለቀለሙን ምስል ትቶ ማቱን መመልከት ያስፈልጋል። ማት ማለት ኪየሩ ያወጣው የጥቁርና ነጭ ካርታ ነው፤ ነጩ ይቀራል፣ ጥቁሩ ይወጣል፣ ግራጫው በከፊል ያሳልፋል። በፊውዥን ውስጥ ምስሉ ላይ ሆኖ `A` ሲጫን ማቱ ይታያል፣ `C` ሲጫን ቀለሙ ይመለሳል። ባለቀለሙን ብቻ እያየ ኪይ የሚያደርግ ሰው ስህተቱን የሚያገኘው ሥራው ከተላከ በኋላ ነው።

ማቱ ላይ ሦስት ነገሮች ይታያሉ። ጨርቁ የነበረበት ቦታ ድፍን ጥቁር መሆን አለበት፤ ግራጫ ጭጋግ ካለበት እጥፋቱ አዲሱ ዳራ ላይ ይንሳፈፋል። ሰውነቷ ድፍን ነጭ መሆን አለበት፤ ግራጫ ነጠብጣብ ካለ አደይ አበባው በደረቷ ውስጥ ያልፋል። ሦስተኛው ጠርዙ ነው። ፀጉሯና የነጠላው ጫፍ ግራጫ መሆን አለባቸው፣ ምክንያቱም እውነትም በከፊል ያሳልፋሉ።

`Threshold` የተባለው ስላይደር ሁለት ጫፍ አለው። የታችኛው ሲገፋ ጥቁር ግራጫው ወደ ጥቁር ይሄዳል፣ የላይኛው ሲሳብ ነጣ ያለው ግራጫ ወደ ነጭ ይሄዳል። ሁለቱም የሚነኩት በጥቂቱ ነው። ሁለቱ እየተቀራረቡ ሲሄዱ በመሃል ያለው ግራጫ ይጠፋል፣ ከእሱም ጋር የፀጉሩ ጫፍ አብሮ ይጠፋል። የፀጉሩ ዙሪያ በድንገት ለስላሳና ንጹሕ መስመር ሆኖ ከታየ መግፋቱ ከልክ አልፏል ማለት ነው።

በዚህች ክሊፕ ላይ አንድ ነገር እምቢ ይላል። ጥበቡ ውስጥ ያለው አረንጓዴ ክር ለኪየሩ ጨርቅ ነው፤ ማቱ ላይ ጥቁር መስመር ሆኖ ይወጣል። ይህን በ`Threshold` ለመሙላት መሞከር ጠርዙን ሁሉ ያደነድነዋል። ከዚያ ይልቅ በሰውነቷ ውስጥ፣ ከጠርዙ በቂ ርቀት ገባ ብሎ ሌላ ማስክ ይሣላል፤ ከእንቅስቃሴዋም ጋር አብሮ እንዲሄድ ይደረጋል። ይህ ማስክ ለኪየሩ በ`Solid Matte` በኩል ሲገባለት በውስጡ ያለው ሁሉ ሳይነካ ይቀራል። ኪየሩ ሥራ የሚኖረው ጠርዙ ላይ ብቻ ይሆናል፤ በጎ ኪይ የሚባለውም እንዲህ ሲሆን ነው። የውስጡን ድፍንነት ለማስክ፣ የጠርዙን ልስላሴ ለኪየር መተው ይሻላል።

የጥበቡ ክር እጅጌዋ ጫፍ ድረስ ከሄደ ግን ማስኩ እስከ ጠርዝ መድረስ ስላለበት ሥራው ፍሬም በፍሬም ይሆናል። ከቀረጻ በፊት ስለ ልብስ የሚነገረው ማስጠንቀቂያ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሰው ላይ ያረፈው አረንጓዴ

ማቱ ከተስተካከለ በኋላም ነጠላዋ አረንጓዴ ሊመስል ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ቀላል ፈተና አለ። አረንጓዴው ያለበትን ቦታ ማቱ ላይ መመልከት ነው። ጨርቅ ሊሆን በሚገባው ቦታ ነጭ ከታየ ስህተቱ የማቱ ነው፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ማረም ይገባል። ማቱ ልክ ሆኖ አረንጓዴው በሰውነቷ ውስጥ ከሆነ ግን ስፒል ነው፤ የሚታከመውም በቀለም ነው።

የስፒል ማጥፊያዎች ሁሉ መሠረት አንድ ደንብ ነው፤ አረንጓዴው ከሌሎቹ ሁለቱ ጋር ተመዝኖ ከተወሰነ ልክ እንዳያልፍ ይደረጋል። በጣም የተለመደው ልክ የቀዩና የሰማያዊው አማካይ ነው፦

```
G = min(G, (R + B) / 2)
```

ነጠላዋ ላይ ያለ አንድ ፒክስል ቀይ 205፣ አረንጓዴ 226፣ ሰማያዊ 200 ነው እንበል። አማካዩ 202 ገደማ ስለሆነ አረንጓዴው ከ226 ወደ 202 ይወርዳል። ነጠላው ወደ ነጭነቱ ተመለሰ። ጠይም ቆዳ ደግሞ ቀይ 140፣ አረንጓዴ 105፣ ሰማያዊ 80 ቢሆን አማካዩ 110 ነው። አረንጓዴው ከዚያ በታች ስለሆነ ደንቡ አይነካውም። ነጸብራቅ ያልደረሰበት ፊት እንዳለ ይቀራል፣ አገጭ ሥር አረንጓዴ የያዘው ብቻ ይታረማል። የደንቡ ውበት ይህ ነው።

ግን ሁለት ጉዳት አለው። የመጀመሪያው ወርቁ ላይ ነው። መስቀሏ ቀይ 200፣ አረንጓዴ 160፣ ሰማያዊ 60 ነው እንበል። አማካዩ 130 ነው፤ ስለዚህ ምንም ነጸብራቅ ባይኖርበትም አረንጓዴው ከ160 ወደ 130 ይወርዳል፣ ወርቁም ወደ መዳብ ያደላል። ቢጫ ማለት ቀይና አረንጓዴ ሲደመሩ ስለሆነ፣ ደንቡ ቢጫን በሙሉ አረንጓዴ የበዛበት አድርጎ ይቆጥረዋል። የጥበቡ ቢጫና አረንጓዴም ከዚሁ አያመልጡም። ልኩን በአማካዩ ፈንታ ከሁለቱ ትልቁ ማድረግ ወርቁን ያድነዋል፣ ምክንያቱም 160 ከ200 በታች ነው፤ ያኔ ግን ቆዳ ላይ ያለው ስፒል ሳይጸዳ ይቀራል። ስለዚህ ምርጫው ሁልጊዜ ማዳላት ነው። ለእንዲህ ያለ ክሊፕ የሚያዋጣው ጠንከር ያለውን ማጽዳት ለሰውነቷ ማድረግ፣ ለመስቀሉና ለጥበቡ ደግሞ ያልተነካውን ኦሪጂናል ምስል በማስክ መልሶ ከላይ ማስቀመጥ ነው።

በ`Delta Keyer` ውስጥ ይህ የሚገኘው `Fringe` በተባለው ገጽ፣ `Spill Method` ሥር ነው። ደረጃዎቹ ከቀላሉ `Rare` ተነስተው እስከ `Burnt` ይደርሳሉ። መጀመር ያለበት ከቀላሉ ነው፤ ነጠላው ነጭ እስኪሆን ብቻ አንድ አንድ ደረጃ ይጨመራል። ከሚገባው በላይ ሲሄድ ምልክቱ ፊቷ ላይ ይታያል፤ ጉንጯ ወደ ሐምራዊ ያደላል።

ሁለተኛው ጉዳት የብርሃን መቀነስ ነው። ዓይናችን ከሚያየው ብሩህነት አብዛኛውን የሚሸከመው አረንጓዴው ስለሆነ፣ በመደበኛው የኤችዲ ስሌት 72 በመቶ ገደማ፣ እሱ ሲቀነስ ቦታው ይጨልማል። አረንጓዴው መስመር ሲጠፋ በቦታው ጥቁር ግራጫ መስመር የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ፀጉሯ ጥቁር ስለሆነ እዚያ አያስጨንቅም። ነጭ ነጠላ ጠርዝ ላይ ግን ወዲያው ያስታውቃል። የተወሰደው ብርሃን ቀለም በሌለው ግራጫ ወይም በአዲሱ ዳራ ቀለም መመለስ አለበት። `Fringe Gamma` የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ የጠርዙን ብሩህነት ብቻውን ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ከሥሩ ያሉት የቀለም ስላይደሮች ደግሞ ጠርዙን ወደ አበባው ቢጫ ጥቂት ለመሳብ ያገለግላሉ።

ጠርዙ የሚነካው በመጨረሻ ነው

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጥበት `Erode/Dilate` የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ይህ ስላይደር ማቱን ከሁሉም አቅጣጫ ወደ ውስጥ ያጠበዋል። አረንጓዴውን መስመር በእርግጥ ይቆርጠዋል፤ ነገር ግን ፀጉርን ከትከሻ አይለይም። ለትከሻ የአንድ ፒክስል መጥበብ ማንም አያየውም። አንድ ፒክስል የማይሞላ የፀጉር ጫፍ ግን ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ከላይ ያለው ሥራ በትክክል ከተሠራ ከአንድ ፒክስል በላይ ማጥበብ አያስፈልግም። ካስፈለገ ወይ ማቱ ወይ የስፒሉ ማጽጃ አልተስተካከለም፤ ችግሩን እዚያው ሄዶ መፈለግ ይሻላል። ጨርሶ የማይቀር ከሆነም ማጥበቡ ፀጉሯን በማስክ ለይቶ ለሰውነቷ ብቻ ይደረግ።

የጠርዙ ልስላሴ ከክሊፑ ልስላሴ ጋር መመሳሰል አለበት። የዓይኗ ሽፋሽፍት ስል ሆኖ ትከሻዋ ዙሪያ የደበዘዘ ከሆነ ዓይን ወዲያው ይጠራጠራል። ማቱን ከአንድ ፒክስል ባነሰ መጠን ማደብዘዝ የቀለሙን ደረጃ ደረጃ ለመደበቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ከዚያ በኋላ መፈተሽ ነው። የመጀመሪያው ፈተና ከአበባው በፊት ድፍን ግራጫ ዳራ ማስገባት ነው። ግራጫ ላይ የትኛውም የተረፈ አረንጓዴ ይጋለጣል። ሁለተኛው ፈተና ክሊፑን ማጫወት ነው። በቆመ ፍሬም ላይ ንጹሕ የሆነ ጠርዝ ሲጫወት ሊንቀጠቀጥ ይችላል፤ ይህ የሚመጣው በጨለማ ቦታ ካለው የካሜራ ጫጫታ ነው። መድኃኒቱ ጫጫታው የተቀነሰለትን የክሊፑን ቅጂ ለማቱ ብቻ መጠቀምና ቀለሙን ከኦሪጂናሉ መውሰድ ነው። እንዲህ ሲደረግ ጠርዙ ይረጋጋል፣ ፊቷም ሰም አይመስልም። ሦስተኛው ፈተና እጇን የምታወዛውዝበት ቦታ ነው። በፍጥነት የሄደ እጅ ደብዝዞ ጨርቁን በከፊል ያሳልፋል፤ ግራጫው ከጠፋ ጣቶቿ ይቆረጣሉ።

የቀለም ማስተካከል ሥራ፣ ማለትም ሴትየዋን ከሜዳው ፀሐይ ጋር ማስማማት፣ የሚመጣው ከኪዩ በኋላ ነው። አስቀድሞ ክሊፑን ማሞቅ አረንጓዴውን ጨርቅ ወደ ቢጫ ይወስደዋል፣ ከወርቁና ከቆዳዋም ጋር ያቀራርበዋል፤ ኪየሩም የሚይዘው ልዩነት ያጣል።

የማይወጣው ምን ጊዜ ነው?

አንዳንድ ክሊፕ በኪየር ብቻ አይድንም። መነጽሯ ውስጥ ጨርቁ የታየ እንደሆነ ኪየሩ መነጽሩን ይበሳዋል፣ ማስክ ደግሞ ጨርቁን እዚያው ያስቀረዋል፤ ነጸብራቁን ለብቻው ወደ ግራጫ ከመለወጥ ሌላ መንገድ የለም። በጣም የጨለመ ጨርቅ ላይ በአረንጓዴውና በጥቁር ፀጉር መካከል ያለው ልዩነት ከጫጫታው በላይ አይሆንም። በተደጋጋሚ የተጨመቀ ክሊፕ ላይ የፀጉሩ ዝርዝር ፋይሉ ውስጥ የለም፤ የሌለ ነገር ደግሞ ከየትም አይወጣም።

እንዲህ ሲሆን አዲሱን ዳራ መቀየር ከማንኛውም ስላይደር የበለጠ ይረዳል። ጥቁር ፀጉር ብሩህ ሰማይ ላይ ሲቀመጥ እያንዳንዱ የተቆረጠ ጫፍ ይታያል፤ ጠቆር ያለ ዳራ ላይ ግን ይሸሸጋል። ነጭ ነጠላ ላይ የቀረ ጥቂት አረንጓዴ በቀይ መጋረጃ ፊት ስህተት ነው፤ በሣርና በቅጠል ፊት ግን የቦታው ብርሃን ሆኖ ይነበባል። ለዚህች ክሊፕ የአደይ አበባው ሜዳ የተመቸው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ቢጫና አረንጓዴ የሞላበት ቦታ የቆመ ሰው ልብስ ላይ ትንሽ አረንጓዴ ማረፉ የሚጠበቅ ነው። በተቃራኒው ዳራው የምሽት ከተማ እንዲሆን ተፈልጎ ቢሆን ያው ነጠላ እጥፍ ሥራ ይጠይቅ ነበር።

ክሊፕ ለኤዲተር የሚልክ ሰው ኦሪጂናሉን ፋይል ይላክ፣ የሚፈልገውንም ዳራ ከመጀመሪያው ይናገር። ኤዲተሩ በበኩሉ አረንጓዴ መስመር ሲያይ ለመቁረጥ ከመቸኮሉ በፊት ማቱን ይመልከትና አረንጓዴው ከጀርባ ያለው ጨርቅ ነው ወይስ ሰው ላይ ያረፈ ብርሃን ብሎ ይለይ። ጨርቅ ከሆነ ያውጣው፤ ብርሃን ከሆነ ቀለሙን ያርመው፤ ጠርዙን የሚነካው ሁለቱ ካለቁ በኋላ ይሁን።